ከላብራቶሪ ሪፖርት ወደ ፖስተር

የፔንዱለም ሙከራ ሪፖርት ከመግቢያው ይጀምራል፤ ፖስተሩ ግን ከውጤቱ። ስለዚህ «የፔንዱለም ጥናት» የሚለው ርዕስ «የመወዛወዣ ጊዜን የሚወስነው የክሩ ርዝመት እንጂ የኳሱ ክብደት አይደለም» ወደሚል ይለወጣል። የአሠራሩን ገጽ ክሩን፣ ኳሱንና ርዝመቱ የሚለካበትን ቦታ የሚያሳይ አንድ ሥዕል ይተካዋል።

የልኬቶቹ ሠንጠረዥ ቀርቶ ግራፉ ይወጣል፤ ርዝመት በአግድም፣ የመወዛወዣ ጊዜ ስኩዌር በቁም። ነጥቦቹ ቀጥ ባለ መስመር ሲደረደሩ ተመልካቹ ዝምድናውን ያለ ማብራሪያ ያየዋል። ትክክለኛ ቦታውም በኤ0 ወረቀቱ መሃል፣ ከቆመ ሰው ዓይን ትይዩ ነው። ከሪፖርቱ የተቀዳ ትንሽ ምስል ሲለጠጥ ስለሚደበዝዝ፣ ግራፉ በትልቅ መጠን እንደ አዲስ መሠራት አለበት። ረቂቁ በኤ4 ታትሞ በክንድ ርቀት ካልተነበበ፣ ጽሑፉ በዝቷል ወይም ፊደሉ አንሷል።