አያት የተዉት የአበባ ማስቀመጫ ስንት ያወጣል?

እ.ኤ.አ. በ2022 ፈረንሳይ ውስጥ በፎንቴንብሎ ከተማ ኦዝና የተባለ ጨረታ ቤት ሰማያዊና ነጭ ቀለም ያለው አንድ የቻይና የአበባ ማስቀመጫ አቀረበ። ዕቃው የመጣው ብሪታኒ ከሚገኝ የቤተሰብ ቤት ሲሆን፣ ባለሙያው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው ብሎ ከ1,500 እስከ 2,000 ዩሮ ገመተው። ተጫራቾቹ ግን የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው ብለው አመኑና ዋጋውን 7.7 ሚሊዮን ዩሮ አደረሱት።

እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ አውሮፓ ውስጥ ስንቱ ቤተሰብ ቁም ሣጥኑን ይፈትሻል። አብዛኛው የሚያገኘው ግን ከመቶ ዓመት በፊት በብዛት ተሠርቶ የተሸጠ ዕቃ ነው። ልዩነቱን የሚያየው ባለሙያ ነው፤ ቤተሰቡ ማድረግ የሚችለው ባለሙያው ለመፍረድ የሚያስፈልገውን ነገር በደብዳቤ ማቅረብ ነው።

እንግሊዝ የሚኖር አንድ ቤተሰብ እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦

«ከአያታችን የወረስነውን የአበባ ማስቀመጫ እንድትገምቱልን እንጠይቃለን። ቁመቱ 24 ሴንቲ ሜትር፣ የአፉ ስፋት 8 ሴንቲ ሜትር ነው። ነጭ ሆኖ በሰማያዊ የአበባ ቅርንጫፍ ተሥሎበታል። ከሥሩ አራት የቻይና ፊደላት በሁለት ክብ መስመር ውስጥ አሉ። አፉ ላይ ትንሽ ስባሪ፣ አንገቱ ላይ የጥፍር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ አለ። አያታችን ከእናታቸው እንዳገኙት ይናገሩ ነበር፤ በጽሑፍ የያዝነው ግን በ1950ዎቹ ሳሎናቸው ውስጥ የተነሳ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ወራሾቹ ሦስት ነን፤ ሦስታችንም ፈርመናል። ልንሸጠው እያሰብን ነው።»

ይህ ደብዳቤ ጥሩ የሆነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ያዩትን ከሰሙት ለይቷል። «የሚንግ ዘመን ዕቃ ነው» አላለም፤ እንደዚያ ቢል ባለሙያው ከዕቃው ይልቅ የቤተሰቡን ምኞት ያነብ ነበር። ሁለተኛ፣ ጉዳቱን አልደበቀም። የተደበቀ ስንጥቅ ዕቃው እጅ ሲገባ መታወቁ አይቀርም፤ በጣት መታ ሲደረግ ከመጮህ ይልቅ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ተጣብቆ የተቀባ ቦታም በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ከቀሪው ተለይቶ ይታያል። ስለዚህም ነው ከመላኩ በፊት ማጣበቅ፣ ማሸት ወይም በኃይል ማጠብ የማይመከረው።

ፎቶዎቹ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ከፊትም ከኋላም ይነሳሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሥሩ ፎቶ ነው። ብዙ ሰው የሚረሳውም እሱን ነው። ባለሙያው ፊደላቱን ብቻ ሳይሆን ልባስ የሌለውን የእግሩን ጠርዝ፣ የሸክላውን ቀለምና በዘመን ብዛት የተለፋበትን ሁኔታ ይመለከታል።

በምሳሌያችን ፊደላቱ የንጉሠ ነገሥት ካንግሺን ስም ቢያነቡስ? ካንግሺ የነገሡት ከ1662 እስከ 1722 ነው። ይሁን እንጂ ከእሳቸው በኋላ የነበሩ ሠሪዎች፣ በተለይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ለጥንቱ ክብር ሲሉም ለገበያ ሲሉም ይህንኑ ስም ይጽፉ ነበር። ምልክቱ ብቻውን ዘመንን አያረጋግጥም። የሥዕሉ አጣጣልና የእግሩ አሠራር የኋላውን ዘመን ከመሰሉ፣ ከነስንጥቁ የቤተሰቡ ዕቃ የሚያወጣው ሚሊዮን ሳይሆን መቶዎችን እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ የሚለው ታሪክ ለዋጋ ብቻ አይጠየቅም። እ.ኤ.አ. በ2021 እንግሊዝ ውስጥ ለጨረታ ሊቀርቡ የነበሩ የመቅደላ ዝርፊያ ቅርሶች፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በመጠየቁ ከሽያጩ ወጥተዋል። ቤተሰቡ ዘመዱ በጦርነት ወቅት ከየት እንዳመጣው የሚያውቅ ከሆነ ያንንም መጻፍ አለበት፤ ቢያፍርም።

«ልንሸጠው እያሰብን ነው» የሚለው ሐረግም ትርፍ አይደለም። ለኢንሹራንስ የሚሰጥ ግምት ዕቃው ቢጠፋ በሱቅ የሚተካበት ዋጋ ስለሆነ ከጨረታው ግምት ከፍ ይላል። ለውርስ ግብር የሚፈለገው ደግሞ ሟቹ ባረፉበት ቀን በገበያ ሊያወጣ የሚችለው ነው። ዓላማው ካልተገለጸ ቤተሰቡ የማይጠቅመውን ቁጥር ይዞ ይቀራል።

መልሱ ብዙ ጊዜ ዝቅተኛና ከፍተኛ ግምት ይዞ ይመጣል። በፎቶ ብቻ የተሰጠ ከሆነ ጊዜያዊ ነው፤ ዕቃው በእጅ ሲያዝ ሊለወጥ ይችላል። በዚህ ጊዜ ቤተሰቡ የሻጭ ኮሚሽን ስንት እንደሆነ፣ ከምን ዋጋ በታች እንደማይሸጥና ሳይሸጥ ከቀረ ማን ወጪ እንደሚከፍል ጠይቆ ከመፈረሙ በፊት ያንኑ ደብዳቤ ለሌላ ጨረታ ቤት ቢልክ አይከፋም። የኦዝናው ባለሙያ ከሽያጩ በኋላም ዕቃው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው በሚለው ሐሳቡ ጸንቶ ነበር።