የወተት ዋጋ ቢቀነስ ገቢው ያድጋል?

ዐቢይ ጾም ሲገባ የወተት ገበያ እንደሚቀዘቅዝ ወተት ሻጮች ሁሉ ያውቁታል። ወተቱ ግን በየቀኑ ይታለባል፤ ካደረም ይበላሻል። በዚህ ጊዜ ሻጩ ዋጋ መቀነስን ያስባል። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ፈላጊው ይበዛና ዋጋው ወደ ቦታው ይመለሳል።

ይህ ሻጭ የዓመቱን የሽያጭ ደብተር ገልጦ «ዋጋ ብቀንስ ገቢዬ ያድጋል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ እንበል። ለምሳሌ ያህል፣ በፍስክ ሊትሩን በ60 ብር እየሸጠ በቀን በአማካይ 100 ሊትር ይወጣለት ነበር። በጾሙ መካከል ዋጋውን 54 ብር ቢያደርገውም የሚሸጠው 39 ሊትር ብቻ ሆነ። ደብተሩን እንዲሁ ያነበበ ሰው «ዋጋ ሲቀነስ ገዢ ይሸሻል» ብሎ ይደመድማል። ገዢውን ያራቀው ግን ጾሙ ነው። ዋጋውንም ያስቀነሰው ያው ጾም ነው።

ካለፈ ሽያጭ የገዢን ባሕርይ ለማወቅ ሲሞከር ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው። ነጋዴ ዋጋ የሚቀይረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱ ፍላጎቱን ራሱን የሚነካ ከሆነ የዋጋው ውጤትና የምክንያቱ ውጤት በደብተሩ ላይ ተቀላቅለው ይቀመጣሉ።

መፍትሔው ጾምን ከጾም ጋር ማነጻጸር ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ ለዚህ በቂ ጊዜ አለ። ሻጩ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በ60 ብር ሸጦ በቀን በአማካይ 36 ሊትር አወጣ፤ በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት በ54 ብር 39 ሊትር አወጣ እንበል። የሽያጩ ለውጥ 3 ሊትር ነው፤ ይህ ለሁለቱ መጠኖች አማካይ፣ ለ37.5፣ ሲካፈል 8 በመቶ ይሆናል። የዋጋው ለውጥ 6 ብር ነው፤ ለ57 ሲካፈል 10.5 በመቶ ገደማ ይሆናል። 8 ለ10.5 ሲካፈል 0.76 ይመጣል። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች የፍላጎት ተለጣጭነት የሚሉት ይህን ቁጥር ነው። ከ1 ካነሰ ዋጋ መቀነስ ገቢን ያሳንሳል፤ ከ1 ከበለጠ ያሳድጋል። እዚህም የቀኑ ገቢ ከ2,160 ብር ወደ 2,106 ብር ወርዷል። ገቢው ባለበት እንዲቆይ እንኳ 40 ሊትር መሸጥ ነበረበት።

ይህ 0.76 ግን የጾም ወቅት ቁጥር ነው። በጾም ወተት የሚገዙት የማይጾሙ ቤተሰቦችና ልጆች ያሏቸው እናቶች ናቸው፤ ሳይገዙ የማይውሉ ስለሆኑ ለዋጋ ብዙም ላይሳሱ ይችላሉ። ለፍስክ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። እኔ ከሁሉ የምመርጠው የፉርሽካ ዋጋ ንሮ የወተት ዋጋ የተጨመረባቸውን ሳምንታት ነው። መኖ ሲወደድ ዋጋው ይለወጣል እንጂ የገዢው የወተት ፍላጎት አይለወጥም። ስለዚህ በዚያ ሳምንት የታየው የሽያጭ ለውጥ በአብዛኛው የዋጋው ሥራ ነው። አሜሪካዊው ፊሊፕ ራይት በ1928 (እ.ኤ.አ.) ስለ ዘይትና ቅባት ቀረጥ ባሳተመው መጽሐፍ አባሪ ላይ ያቀረበው ሐሳብ ይኸው ነው፤ ፍላጎትን ለመለካት አቅርቦቱን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ምክንያት ፈልጉ ይላል።

ደብተሩ የሚደብቀው ሌላም ነገር አለ። ወተቱ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ካለቀ የተጻፈው የተሸጠው እንጂ የተፈለገው አይደለም። እንዲህ ያሉ ቀኖች ከስሌቱ መውጣት አለባቸው፤ አለዚያ ዋጋ መቀነሱ ያመጣው ገዢ ሳይቆጠር ይቀራል። የዕለት ተዕለቱን መዋዠቅም ማየት ይገባል። ዋጋው ሳይነካ ሽያጩ አንድ ቀን 28 ሌላ ቀን 44 ሊትር ከሆነ፣ የ3 ሊትር ልዩነት የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳምንት በሁለት ሳምንት ላይ ከመወሰን በተለያዩ ጊዜያት የተደረጉ በርካታ የዋጋ ለውጦችን አሰባስቦ ተቀራራቢ ቁጥር ይሰጡ እንደሆነ ማየት ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቁጥሩ ከ1 በላይ ቢሆን እንኳ ለመቀነስ መቸኮል አያስፈልግም፤ ገቢ ትርፍ አይደለምና። ሻጩ ሊትሩን በ45 ብር የሚረከብ ከሆነ፣ በ60 ብር ሲሸጥ 15 ብር፣ በ54 ብር ሲሸጥ 9 ብር ብቻ ይተርፈዋል። በ36 ሊትር ያገኝ የነበረውን 540 ብር መልሶ ለማግኘት 60 ሊትር መሸጥ አለበት። ሊበላሽ የነበረ ወተት ከሆነ ግን ሒሳቡ ይለወጣል፤ የሚደፋ ወተት የወጣበት ገንዘብ አንዴ ስለወጣ፣ ተጨማሪ ገቢ ያመጣ ቅናሽ ሁሉ ትርፍ ነው።

ስለዚህ ደብተር የምትይዙ ነጋዴዎች፣ ከቀኑ፣ ከዋጋውና ከሊትሩ አጠገብ ሁለት ነገር ጨምራችሁ ጻፉ፦ ዋጋው ለምን እንደተቀየረና ወተቱ በስንት ሰዓት እንዳለቀ።