ፊደል ሳይጎድል የተመለሰው ኢሜይል

በአማርኛ የጻፉትን ኢሜይል ወደ እንግሊዝኛ ያስተረጉማሉ። ከዚያ እንግሊዝኛውን ብቻ ለሌላ ሰው ሰጥተው ወደ አማርኛ ያስመልሱና ሁለቱን አማርኛዎች ጎን ለጎን ያነባሉ። መልሶ ማስተርጎም ይኸው ነው። ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን ጽሑፍ ካየ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው፤ የሚጽፈው ያነበበውን ሳይሆን የሚያውቀውን ይሆናል።

ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ክፍል የሚያከራይ ወዳጅ አለኝ። ለውጭ እንግዶቹ የሚጽፈውን በስልኩ ያስተረጉምና በዚያው ስልክ መልሶ ያየዋል። አንድ ቀን «ቡዳ በር ላይ እንቀበላችኋለን» ያለው «የክፉ ዓይን በር ላይ» ሆኖ መጣለት። ስቆ አበቃና የበሩን ስም ሳይተረጎም በላቲን ፊደል ጻፈው። እንዲህ ያለው ስህተት ራሱን ስለሚያጋልጥ አያሰጋም።

ያሳሰበኝ ሌላው መስመር ነው፦ «ጅቦቹ የሚመገቡት መስከረም 5 ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው።» ይህኛው ፊደል ሳይጎድል ተመለሰ። ወዳጄም ደስ ብሎት ላከው። ከቀናት በኋላ እንግዶቹ ሴፕቴምበር 4 ሐረር እንደሚገቡ ጽፈው፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በእግር መሄድ አያስፈራም ወይ ብለው ጠየቁ። ሴፕቴምበር 4 እኮ ነሐሴ 29 ነው!

ለካስ እንግሊዝኛው መስከረምን ሴፕቴምበር ብሎ ቁጥሮቹን እንዳሉ ትቷቸዋል። ሲመለስም ሴፕቴምበርን መስከረም አለው፤ አንዱ ስህተት ሌላውን ሸፈነ። ሪቻርድ ብሪስሊን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነው፦ ሁለቱ ተርጓሚዎች አንድ ልማድ ከተጋሩ፣ መሃሉ ተበላሽቶም ጫፍና ጫፉ ይገጥማል። አንድ ስልክ ለሁለቱም ጉዞ ሲሆንማ ልማዱ አንድ መሆኑ ምን ያጠያይቃል?

እንግሊዝኛውን ከመነካካት አማርኛውን ማረም ይሻላል። ወዳጄ አሁን ቀኑንና ሰዓቱን ራሱ ቀይሮ ይጽፋል፦ «በፈረንጆች ሴፕቴምበር 15፣ 7:00 PM፣ ፀሐይ እንደጠለቀች።» (ጳጉሜ 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን መስከረም 5 ሴፕቴምበር 16 ላይ ይውላል።) የፀሐይዋን ነገር የጨመረው አለምክንያት አይደለም፤ ሰዓቱ ቢዛባ «ከእኩለ ሌሊት በኋላ» እና «ፀሐይ እንደጠለቀች» አብረው ስለማይሄዱ አንባቢው ይጠረጥራል።

በተቃራኒው፣ «እርስዎ» ብለው የጻፉት «አንተ» ሆኖ ሲመለስላቸው ደንግጠው ደህናውን እንግሊዝኛ የሚያበላሹ አሉ። እንግሊዝኛ ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለው፤ «አንተ» የመጣው በመልሱ ጉዞ ነው። እሱን ይተዉት። ይልቅ አማርኛው ያለ እንከን ሲመለስ መሃል ያለውን እንግሊዝኛ ይክፈቱና ወሩንና ሰዓቱን በዓይንዎ ይዩ፤ ከዚያ ይላኩ።