የአየር ጭነት የሚከፈለው በሚይዘው ቦታም ጭምር ነው

የጭነት አውሮፕላን የክብደትም የቦታም ገደብ አለው። ቀላል ግን ግዙፍ ዕቃ ቦታውን ከሞላው፣ አውሮፕላኑ ሊሸከም የሚችለው ክብደት ሳይሟላ ይበራል። ስለዚህ አጓጓዡ ዕቃውን ይመዝናል፤ መጠኑንም ይለካል፤ ከሁለቱ ውጤቶች በሚበልጠው ያስከፍላል።

በተለመደው የአየር ጭነት ስሌት የካርቶኑ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲሜትር ተባዝተው ለ6000 ይካፈላሉ። ለምሳሌ በ50 × 50 × 60 ካርቶን የታሸገ መሶብ ሚዛን ላይ 6 ኪሎ ቢሆንም፣ 150,000 ለ6000 ሲካፈል 25 ኪሎ ይሆናል፤ ሒሳቡም በ25 ኪሎ ይታሰባል። ብዙ የፈጣን መልእክት ድርጅቶች ለ5000 ስለሚያካፍሉ፣ ያው ካርቶን 30 ኪሎ ይሆንባቸዋል።

የሚለካው የካርቶኑ ውጫዊ መጠን ስለሆነ፣ ያበጠ ጎን ሒሳቡን ከፍ ያደርገዋል። ቁመቱ በ10 ሴንቲሜትር ቢቀንስ ግን 25ቱ ኪሎ ወደ 21 ገደማ ይወርዳል።