የቅንድብና የአፍንጫ ዳር ፎረፎር

ፎረፎር ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ጭንቅላት ነው። በአፍንጫ ግራና ቀኝ፣ በቅንድብ ውስጥና ከጆሮ ጀርባ እየተላጠ የሚረግፈው ቅርፊትም ግን ከዚያው ወገን ነው፤ ሐኪሞች ሴቦሪክ ደርማታይተስ ይሉታል። መነሻው ማላሴዚያ የተባለ ፈንገስ ነው። ይህ ፈንገስ የሁላችንንም ቆዳ ወዝ እየተመገበ ይኖራል፤ ከምግቡ የሚተርፈው አሲድ ግን የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያስቆጣል። ስለዚህ የንጽሕና ጉድለት አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

መጻሕፍት «ቅላት» የሚሉት ምልክት በጠይም ፊት ላይ እምብዛም አይታይም። እኛ ዘንድ ጎልቶ የሚወጣው ከአካባቢው ፈዘዝ ያለ ቦታ ነው። ለምጽ መስሏቸው የሚደነግጡ አሉ፤ ለምጽ ግን ወተት የመሰለ ነጭ ነው፣ ቅርፊትም የለውም።

አንዲት ወጣት ቅንድቧ ላይ ቅርፊት አይታ ያለ ማዘዣ ቤታሜታዞን የተባለ የስቴሮይድ ክሬም ገዛች እንበል። በ3 ቀን ፊቷ ጠራ፤ ስታቆም ተመለሰ፤ እንደገና ቀባች። ስቴሮይድ ቁጣውን ያበርዳል እንጂ ፈንገሱን አይነካም፤ መመለሱም ለዚህ ነው። ወራት ሲቆጠሩ አፍንጫዋ ዙሪያ ብጉር ወጣ፣ ቆዳዋ ሳሳ፣ ክሬሙን በተወች ቁጥር ፊቷ ይለበልባት ጀመር። በእኔ እምነት ከበሽታው ይልቅ ፊት ያበላሸው ይህ ልማድ ነው።

ይህች ወጣት ከመጀመሪያው መያዝ የነበረባት 2 በመቶ ኬቶኮናዞል ሻምፖ ወይም ክሬም ነበር። ሻምፖውን ጭንቅላቷን ስትታጠብ በጣቷ አረፋ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ቅንድቧና አፍንጫዋ ዳር ትቀባዋለች። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ታቆየውና በለብታ ውሃ ታለቃልቀዋለች። ወዲያው ከታጠበ ዋጋ የለውም፤ ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» የሚለውም በዚህ የተነሳ ነው። በሳምንት 2 ጊዜ፣ ለ4 ሳምንት ያህል በቂ ነው። ክሬሙ ደግሞ ጠዋትና ማታ በስሱ ይቀባል፤ ቅርፊቱ ከጠፋ በኋላም ጥቂት ቀን ይቀጥላል። ማሳከኩ ከበረታ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ለአንድ ሳምንት ያህል ሊታከል ይችላል፤ የዓይን ቆብ ላይ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቀባም።

ቅርፊቱን ለማለስለስ ተብሎ የወይራ ዘይት መቀባት ፈንገሱን መቀለብ ነው፤ ቅቤም ቢሆን ከዚህ ፊት ቢርቅ ይሻላል። ቫዝሊን ይህ ጣጣ የለውም። የፈዘዘው ቦታ መልኩን ለመመለስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል፤ መድኃኒት ማብዛት አያፋጥነውም።

በሽታው ተጠቅልሎ አይወጣም፤ ድካምና ጭንቀት ሲበዛ ይመለሳል። በየሳምንቱ ወይም በየ2 ሳምንቱ አንድ ጊዜ በሻምፖው መታጠብ ያራርቀዋል። በ4 ሳምንት ካልተሻለ፣ ወይም ድንገት በርትቶ ወደ ደረትና ብብት ከተስፋፋ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ እንዲህ ያለው አንዳንዴ የኤችአይቪ ምልክት ስለሚሆን ሐኪሙ ምርመራ ቢያዝ አይደንግጡ።