ገጽ 16 ከገጽ 1 ጎን የሚታተመው ለምንድን ነው?

አንድ የሰፈር ዕድር መተዳደሪያ ደንቡን አሻሽሎ በትንሽ መጽሐፍ መልክ ለአባላቱ ሊያድል ነው እንበል። ጽሑፉ ተተይቦ አልቋል፤ ሽፋኑን ጨምሮ 16 ገጽ ሆኗል። የአንዱ ገጽ መጠን ኤ5፣ ማለትም የኤ4 ግማሽ ነው። የታሰበው አራት የኤ4 ወረቀት በሁለቱም ፊት አትሞ፣ ከመካከል አጥፎ፣ እጥፋቱ ላይ ሁለት ቦታ በስቴፕል መምታት ነው።

ፋይሉ ከ1 እስከ 16 በተራ ስለተቀመጠ፣ ሁለት ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን እያደረጉ በዚያው ተራ ማተም የሚበቃ ይመስላል። እንደዚያ ታትሞ ሲታጠፍ ግን ገጽ 2 የፊት ሽፋን፣ ገጽ 1 የጀርባ ሽፋን ሆኖ ይወጣል። ሽፋኑን ሲገልጡ በግራ ገጽ 3፣ በቀኝ ገጽ 6 ይገጥማል። ደንቡ አንቀጽ በአንቀጽ ተቆራርጧል ማለት ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከባዶ ወረቀት የሚሻል አስተማሪ የለም። አራት ባዶ ወረቀት ደራርበው አንድ ላይ ከመካከል ይጠፏቸው። እንደ መጽሐፍ እየገለጡ በየገጹ ጥግ ላይ ከ1 እስከ 16 በእርሳስ ቁጥር ይጻፉ፤ ከዚያ ወረቀቶቹን ነጣጥለው ይዘርጓቸው። የውጪው ወረቀት በአንድ ፊቱ በግራ 16፣ በቀኝ 1 ተጽፎበታል። ሲገለበጥ 2 እና 15 አለ። ሁለተኛው ወረቀት ላይ 14 እና 3፣ በጀርባው 4 እና 13 ይነበባል። ሦስተኛው 12 እና 5፣ በጀርባው 6 እና 11 ይዟል። የመካከለኛው ወረቀት 10 እና 7፣ በጀርባው ደግሞ 8 እና 9 ነው። በመላው መጽሐፍ ውስጥ ተከታታይ ቁጥሮች በአንድ የወረቀት ፊት ላይ ጎን ለጎን የሚገናኙት እዚህ መሃል ላይ ብቻ ነው። ይህን ሞዴል አይጣሉት፤ እስከ መጨረሻው ያገለግላል።

በአንድ ፊት ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡትን ሁለት ቁጥሮች ይደምሯቸው። 16 እና 1፣ 2 እና 15፣ 14 እና 3፣ የትኛውንም ቢወስዱ ድምሩ 17 ነው። ምክንያቱም ከፊት ሽፋኑ አንድ ገጽ ወደ ውስጥ በገቡ ቁጥር ከጀርባውም አንድ ገጽ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ አንደኛው ቁጥር በአንድ ሲጨምር ሌላኛው በአንድ ይቀንሳል። በዚህ ላይ ጎዶሎ ቁጥር ሁልጊዜ በቀኝ፣ ሙሉ ቁጥር በግራ እንደሚውል ካስታወሱ መላው ቅደም ተከተል በእጅዎ ነው። ይህ ከግራ ወደ ቀኝ ለሚነበብ ጽሑፍ ነው። እስራኤል ወይም የባሕረ ሰላጤው አገሮች ያለ ማኅበር በዕብራይስጥ ወይም በዓረብኛ የሚያሳትም ከሆነ መጽሐፉ የሚታጠፈው በቀኝ ስለሆነ፣ 1 በግራ፣ 16 በቀኝ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ድምሩ የሚሠራው ሽፋኑን 1 ብሎ ለጀመረ ቆጠራ ነው። ሽፋኑና የሽፋኑ ጀርባ ቁጥር ሳይጻፍባቸው «ገጽ 1» የሚለው በሦስተኛው ገጽ ላይ ከተጻፈ፣ አንባቢው የሚያያቸው ሁለት ቁጥሮች የሚደመሩት 13 ነው። ለአታሚው ሲነግሩ የትኛውን ቆጠራ እንደሚሉ ይለዩ።

አንድ የታጠፈ ወረቀት አራት ገጽ ስለሚሰጥ የገጹ ብዛት ለአራት መካፈል አለበት። የዕድሩ ጽሑፍ ሽፋኖቹን ጨምሮ 14 ገጽ ብቻ ቢሆን ሁለት ባዶ ገጽ መግባቱ አይቀርም። ባዶዎቹን መጨረሻ ላይ ከመደርደር 2ኛውና 15ኛው ገጽ፣ ማለትም የሁለቱ ሽፋኖች ውስጠኛ ፊት ቢሆኑ ይሻላል። ድምራቸው 17 ስለሆነ ሁለቱም በውጪው ወረቀት አንድ ፊት ላይ ያርፋሉ፤ ሽፋኑ በአንድ ፊት ብቻ ታትሞ ያልቃል።

ማተሚያ ቤትም ሆነ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚላከው ፒዲኤፍ ነጠላ ነጠላ ገጾች በተራቸው የተቀመጡበት ይሁን። 2ን ከ3፣ 4ን ከ5 አጣምሮ የላከ ሰው፣ ፕሮግራሙ የተጣመረውን እንደ አንድ ገጽ ቆጥሮ እንደገና እንዲያጣምረው ያደርጋል። ማጣመሩ የማሽኑ ሥራ ነው። በአዶቤ ሪደር የሕትመት መስኮት ላይ `Booklet` ይመርጣሉ፣ `Both sides` ይላሉ፣ ለአማርኛ `Binding` የሚለውን `Left` ያደርጋሉ። ፕሪንተሩ ወረቀቱን የሚገለብጥበትን አቅጣጫ ከጠየቀ መልሱ `Flip on short edge` ነው። ወረቀቱ ወደ ጎን ተጋድሞ ስለሚታተም በረጅሙ ጠርዝ ከተገለበጠ የጀርባው ጽሑፍ ተዘቅዝቆ ይወጣል።

ስለዚህ መቶውን ቅጂ ከማዘዝ በፊት አንድ ብቻ ያትሙ፣ ይጠፉ፣ ከእርሳሱ ሞዴል ጋር ያስተያዩ። ሁለተኛው ፊት ሁሉ ተዘቅዝቆ ከሆነ ጥፋቱ የመገልበጫው ጠርዝ ነው። ጽሑፉ ቀጥ ብሎ ቆሞ ተራው ከተዛባ ግን፣ ወይ ፋይሉ ቀድሞ የተጣመረ ነው፣ ወይ `Booklet` አልተመረጠም። መቶ ቅጂ የሚፈጀው 400 ወረቀት ነው፤ ሂሳብ ሲጠየቁ 1,600 ገጽ የሚለውን ከወረቀቱ ቁጥር ጋር አያምታቱ።

ለመስፋት ወረቀቶቹን ዘርግተው 8 እና 9 ያለበትን ከላይ፣ ሽፋኑን ከታች ያድርጉ፤ ጠርዛቸውን አስተካክለው አንድ ላይ ይጠፏቸው። ከዚያ መልሰው ይዘርጉና ሽፋኑን ወደ ላይ ገልብጠው እጥፋቱ ላይ ይምቱ። የሽቦው ጀርባ ውጪ ሆኖ እግሮቹ በ8 እና 9 መካከል ይታጠፋሉ። ከላይና ከታች ጠርዝ አምስት ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው ቢመቱ ለኤ5 ይስማማል። ተራው የቢሮ ስቴፕለር ክንዱ አጭር ስለሆነ እስከ እጥፋቱ አይደርስም። ረጅም ክንድ ያለው ከሌለ ስቴፕለሩን ዘርግተው ወፍራም ካርቶን ላይ ይምቱና እግሮቹን በእጅ ያጥፉ።

አራቱ ወረቀቶች ተደራርበው ሲታጠፉ የውስጠኛው ከውጪዎቹ ትንሽ ወጣ ይላል። በተለመደው 80 ግራም ወረቀት ልዩነቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ወረቀቱ ሲወፍር ይጨምራል። ጠርዙ እኩል እንዲሆን ሲቆረጥ ታዲያ በብዛት የሚቆረጠው የመካከለኛው ወረቀት፣ ማለትም ከ7 እስከ 10 ያሉት ገጾች ጠርዝ ነው። ጽሑፉና የገጽ ቁጥሩ ከጠርዙ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከራቁ ማንም አያስተውለውም። ገጹን ዙሪያውን በቀጭን መስመር ያጌጠ ሰው ግን ከሽፋኑ ወደ መሃል በሄደ ቁጥር ክፍተቱ ሲጠብ ያየዋል። በእንዲህ ያለ ትንሽ መጽሐፍ ላይ የጠርዝ መስመር ባይኖር እመርጣለሁ።

ትልቅ ማተሚያ ቤት ሥራውን በአራት ወረቀት ላይሠራው ይችላል። ስምንት ገጽ በአንድ ፊት፣ ስምንት በሌላው አድርጎ በአንድ ሰፊ ወረቀት ያትምና ሦስት ጊዜ ያጥፈዋል። በአንደኛው ፊት የታችኛው ረድፍ 4፣ 13፣ 16፣ 1 ሲሆን የላይኛው 5፣ 12፣ 9፣ 8 ነው፤ የላይኛው ረድፍ ሆን ተብሎ ተዘቅዝቆ ይታተማል፣ ሲታጠፍ ይቃናል። ለማየት የቀረበልዎትን ወረቀት ዘቅዝቀውም ቢሆን ጎን ለጎን ያሉትን ይደምሩ። 4 እና 13፣ 16 እና 1፣ 5 እና 12፣ 9 እና 8፣ ሁሉም 17 ይሰጣሉ። አንዱ 17 ካልሰጠ ማሽኑ ከመጀመሩ በፊት ያስቁሙት።