ጥማት፣ ሽንትና ክሳት ሲገጥሙ ስኳር የሚለካው ለምንድን ነው?

ባሕር ዳር ከተማ ባጃጅ የሚነዳ የ23 ዓመት ወጣት እናስብ። ታሪኩ የአንድ የተወሰነ ሰው አይደለም፤ በየጤና ጣቢያው ደጋግሞ የሚያጋጥመውን ለማሳየት የተቀናበረ ነው። ወሩ መጋቢት ነው፤ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ዐቢይ ጾምም ተይዟል። ወጣቱን ውሃ ውሃ ይለዋል። ጠዋት የገዛው ትልቁ የውሃ ላስቲክ ረፋድ ላይ ያልቅበታል፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ለስላሳ ያስከትላል። ሽንቱም አላስቀምጥ ብሎታል፤ ተሳፋሪ ጭኖ ይቅርታ እየጠየቀ መንገድ ዳር ያቆማል፤ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ይነሳል። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ስላለው ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቷል።

ለሁሉም ምክንያት አላጣም። የሚጠማው ከሙቀቱ ነው፤ ሽንት የሚበዛበት ውሃ ስለሚያበዛ ነው፤ የከሳው ደግሞ በጾሙ ነው። እናቱ «ጾሙ ጎዳህ፣ ልጄ» ይሉታል፤ ጓደኛው ብርድ መትቶህ ይሆናል ይለዋል። አንዱም መልስ ሞኝነት የለበትም። ሐኪም ግን ሦስቱን በአንድ ጊዜ ሲሰማ ሦስት ምክንያት አይፈልግም፤ መጀመሪያ የሚያስበው ሦስቱንም በአንድ ጊዜ የሚያመጣ ነገር ነው። ያም በደም ውስጥ የተከማቸ ስኳር ነው።

የምንበላው እንጀራ፣ ዳቦም ሆነ ሩዝ ሲፈጭ ግሉኮስ ወደሚባል ስኳር ይለወጥና ወደ ደም ይገባል። ስኳሩ ከደም ወጥቶ ጡንቻና ስብ ውስጥ እንዲገባ ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ያስፈልጋል። ኢንሱሊኑ ሲያንስ ወይም ሰውነት አልታዘዝ ሲለው ስኳሩ መግቢያ አጥቶ ደም ውስጥ ይቀራል። መጠኑም ከቀን ወደ ቀን ይጨምራል።

ቀጥሎ የሚሆነው ኩላሊት ላይ ነው። ኩላሊቶቻችን በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም እያጣሩ ከሞላ ጎደል ሁሉንም መልሰው ወደ ደም ያስገባሉ። አብሮ የተጣራው ስኳርም እንዲሁ ይመለሳል፤ ስለዚህ ጤነኛ ሰው በሽንቱ ስኳር አያፈስም ማለት ይቻላል። የመመለስ አቅማቸው ግን ልክ አለው። የደም ስኳር በአንድ ዴሲ ሊትር፣ ማለትም በ100 ሚሊ ሊትር ደም፣ ከ180 ሚሊ ግራም ገደማ ሲያልፍ ትርፉ ስኳር ከሽንት ጋር መውጣት ይጀምራል።

ስኳር ደግሞ ብቻውን አይወጣም፤ ውሃ ይዞ ነው የሚወጣው። ሽንቱ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው። ውሃው ሲጎድል ደሙ ይወፍራል፤ አንጎል ይህን ወዲያው ያውቅና ጠጣ ይላል። ነገሩ ወጣቱ ከገመተው የተገላቢጦሽ ነው፦ ውሃ ስለጠጣ አይደለም የሚሸናው፤ ስለሚሸና ነው የሚጠጣው። ስለዚህ ሽንቱን ለመቀነስ ብሎ ውሃ ቢተው ሽንቱ በደንብ አይቀንስለትም፤ ሰውነቱ ብቻ ይደርቃል። በለስላሳ መጠጥ ጥሙን መቁረጡም ችግሩን ያባብሰዋል። በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ በአብዛኛው 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ያ ስኳር ወደ ደም ሲገባ ሽንቱ ይጨምራል፣ ሽንቱ ሲጨምር ጥማቱ ይጨምራል።

ክሳቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። የወጣቱ የደም ስኳር 420 ነው እንበል። በ180 ሊትር ፈሳሽ ውስጥ በቀን 750 ግራም ገደማ ስኳር ይጣራል ማለት ነው። ኩላሊት መመለስ የሚችለው በግምት 540 ግራሙን ነው። ቀሪው 200 ግራም ገደማ ከሽንቱ ጋር ይፈስሳል። አንድ ግራም ስኳር 4 ካሎሪ ስለሚይዝ በየቀኑ 800 ካሎሪ ያህል ከበላው ላይ እየተቀነሰ ሽንት ቤት ይገባል፤ ይህም የአንድ ሙሉ ምሳ ያህል ነው። በዚያ ላይ ጡንቻው በደም ውስጥ የሞላውን ስኳር መጠቀም ስላቃተው ሰውነቱ ስቡንና ጡንቻውን ማቃጠል ይጀምራል። ብዙ ሕሙማን በደንብ እየበሉ፣ እንዲያውም ከበፊቱ የበለጠ እየራባቸው የሚከሱት ለዚህ ነው። ጾም የሚያከሳው የሚበላው ስለሚቀንስ ነው፤ እዚህ ግን የተበላው ራሱ እየፈሰሰ ነው። ፋሲካ አልፎ፣ ሥጋው ተበልቶ፣ ሰውየው መክሳቱን ከቀጠለ ምክንያቱ ጾም ሊሆን አይችልም።

ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣቱ ብቻውን ስኳር ነው አያሰኝም። መለያው መጠኑ ነው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ደጋግሞ ይሄዳል፤ የሚወጣው ግን ጥቂት ነው፣ ያቃጥላልም። ፕሮስቴቱ ያበጠ አዛውንትም ሌሊት ደጋግሞ ይነሳል፤ ሽንቱ ግን አልወርድ እያለ ያስቸግረዋል፣ ጨርሶም እንዳልጨረሰ ይሰማዋል። በስኳር ጊዜ በየጊዜው የሚሸናው ብዙ ነው፤ ቀለሙም እንደ ውሃ የነጣ ነው። ሌሊት ሽንት መልቀቅ ካቆመ ዓመት ያለፈው ልጅ እንደገና አልጋ ማርጠብ ሲጀምርና ውሃ አልጠግብ ሲል ወላጅ ከመቆጣቱ በፊት ስኳሩን ማስለካት አለበት።

ወጣቱን ከምርመራ የሚያዘገየው ሌላም ሐሳብ አለ፦ ስኳር የወፍራምና የሀብታም በሽታ ነው የሚለው። ውፍረት ሁለተኛው ዓይነት ለሚባለው የስኳር በሽታ ያጋልጣል፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ጎልማሶችን ይይዛል፣ ቀስ ብሎ ስለሚመጣም ብዙዎች ለዓመታት ምንም ሳይሰማቸው ይቆያሉ። በመጀመሪያው ዓይነት ግን ኢንሱሊን የሚሠሩት የቆሽት ሴሎች ይጠፋሉ፤ የሚመታውም በብዛት ልጆችንና ወጣቶችን ሲሆን ቀጭን ሰውን አይምርም። በጎንደር የሠሩ ሐኪሞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ባወጡት ጥናት ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕሙማን በአብዛኛው ወጣቶች፣ ቀጫጮችና ድሆች መሆናቸውን አሳይተው፣ ከምግብ እጥረት ጋር ሊያያዝ ይችል እንደሆነ ጠይቀዋል። ስለዚህ ቀጭን መሆን ከምርመራ ነፃ አያወጣም።

ወጣቱ በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄደ እንበል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ስሕተት ይሠራል። የስኳር ምርመራ በባዶ ሆድ ነው ተብሎ ስለሚታመን «ቁርስ በልቻለሁ፣ ነገ እመጣለሁ» ብሎ ይመለሳል። በባዶ ሆድ መለካት ጥቅም ያለው በተለይ ምልክት ለሌለው ሰው ነው፤ ቢያንስ 8 ሰዓት ምንም ሳይበላ ተለክቶ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነና በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር በሽታ ነው ይባላል። ምልክቱ ያለበት ሰው ግን በልቶም ሳይበላም፣ በማንኛውም ሰዓት መለካት ይችላል። ውጤቱ 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከምልክቶቹ ጋር ተዳምሮ ለምርመራው በቂ ነው። እንግሊዝ የሚኖር ዘመድ ስኳሬ 11 ደረሰ ቢል የመለኪያ አሃዱ ስለሚለይ ነው እንጂ ቁጥሩ ከ200 ጋር አንድ ነው።

መለካቱ ደቂቃ አይፈጅም። ጣት ተወግቶ አንድ ጠብታ ደም ስትሪፕ ላይ ይነካል፣ መሣሪያውም ቁጥሩን ያወጣል። ቁጥሩን የሚያሳስቱ ጥቃቅን ነገሮች ግን አሉ። ሙዝ ወይም ማንጎ የላጠ እጅ ሳይታጠብ ከተወጋ ጣቱ ላይ የቀረው ስኳር ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል፤ ክዳኑ ተከፍቶ የቆየ ወይም ጊዜው ያለፈ ስትሪፕም አይታመንም። ስለዚህ እጅን በውሃና በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ ይገባል፤ ከተቻለም ከደም ሥር ተቀድቶ በላቦራቶሪ ይረጋገጣል። ሰው የሦስት ወር ስኳር የሚለው ሌላው ምርመራ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ያሳያል፤ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ የስኳር በሽታን ያመለክታል። ሆኖም በሳምንታት ውስጥ በፍጥነት በመጣ በሽታ አማካዩ ገና ላይወጣ ስለሚችል እሱን እየጠበቁ መዘግየት አይገባም።

የሚያስቸኩለው ደግሞ ይህ ነው። ኢንሱሊን ጨርሶ ሲጠፋ ሰውነት ስቡን በገፍ ያቃጥላል፤ ከዚያም ኪቶን የሚባል አሲድ ደም ውስጥ ይከማቻል። ሰውየው ማስታወክና የሆድ ቁርጠት ይጀምረዋል፤ ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ይሆናል፤ አፉ እንደበሰለ ፍራፍሬ ወይም እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል፤ በመጨረሻም እያንቀላፋ ራሱን ይስታል። ትውከቱና የሆድ ሕመሙ ከጨጓራ ወይም ከታይፎይድ ጋር ይመሳሰላል፤ መድኃኒት ገዝቶ ቤት የተኛ ወጣት በዚህ መንገድ ሊሞት ይችላል። እነዚህ ምልክቶች ከታዩ ቀጠሮ አያስፈልግም፤ በሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት።

የእኛ ወጣት በጊዜ ደርሷል። መሣሪያው 438 አሳየ፤ የሽንት ምርመራውም ስኳርና መጠነኛ ኪቶን አወጣ። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ተላከ፤ ፈሳሽና ኢንሱሊን ተሰጠው። ስኳሩ ከ180 በታች ሲወርድ ሽንቱ ጋብ አለ፣ ከዚያም ጥማቱ ቀነሰ፤ ክብደቱ ግን ለመመለስ ሳምንታት ወሰደበት። ጤና ተሰማኝ ብሎ ኢንሱሊኑን ማቆም ግን አይችልም። ጸበል ሲሄድም ሆነ መጾም ሲፈልግ መርፌውን ሳይተው አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር አለበት፤ ኢንሱሊኑ ከተቋረጠ ኪቶኑ በጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይመለሳል።

መሣሪያው 438 ሳይሆን 110 ቢያሳይስ? ምርመራው ያኔም ከንቱ አልነበረም። ሽንት በስኳር ምክንያት የሚበዛው ከ180 ገደማ በላይ ስለሆነ፣ በሚጠማውና በሚሸናው ሰዓት 110 የተገኘበት ሰው ሽንቱን ያበዛበት ሌላ ነገር መሆን አለበት። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ለደም ግፊት የሚወሰድ የሚያሸና መድኃኒት እንዳለ ይጠይቃል፤ ክሳቱን ተከትሎም ሳልና የሌሊት ላብ ካለ ቲቢን፣ የልብ ትርታና የእጅ መንቀጥቀጥ ካለ የእንቅርት ዕጢን፣ እንደ ሁኔታውም ኤች አይ ቪን ይመረምራል። ስኳር ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድመው በአንድ ጠብታ ደም ወዲያው ስለሚታወቅና ከተዘገየ በቀናት ውስጥ ሊገድል ስለሚችል ነው።